ሦስት ቁጥርና አንድ ቃል

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 25 ቀን 2020 ድረ ገጽ ለመሥራት የተቀመጡ ብዙ ፕሮግራመሮች የለመዱትን ትእዛዝ ሰጥተው ያገኙት የስህተት መልእክት ነበር። አዲስ ፕሮጀክት የሚከፍትላቸው `create-react-app` የተባለው መሣሪያ አልነሳ አለ። ከአንድ ቀን በፊት ያለ ችግር ይሠራ ነበር፤ እነሱም የነኩት ነገር የለም። ነገሩ ተከታትሎ ሲደረስበት ጥፋቱ የተገኘው `is-promise` በምትባል ትንሽ ላይብረሪ ውስጥ ነው። ላይብረሪ ማለት አንዱ ጽፎ ያስቀመጠው፣ ሌሎች ደግሞ እንደገና ከመጻፍ ይልቅ ወስደው የሚጠቀሙበት ኮድ ነው። የዚህች ላይብረሪ ዋና ሥራ ከጥቂት መስመር አያልፍም። ብዙዎቹ ተጎጂዎች ስሟን ሰምተው እንኳ አያውቁም ነበር።

ባያውቋትም ይጠቀሙባት ነበር። `create-react-app` ከተጠቃሚው ጋር ጥያቄና መልስ ለመለዋወጥ `inquirer` የተባለ ላይብረሪ ያስፈልገው ነበር። `inquirer` በበኩሉ `run-async`ን ይፈልግ ነበር፤ `run-async` ደግሞ `is-promise`ን። የዛሬ ሶፍትዌር እንዲህ አንዱ በሌላው ላይ ተደራርቦ የቆመ ነው። ከታች ያለው ሲናጋ የሚሰማው ከላይ ነው።

ያን ዕለት የወጣው የ`is-promise` ቨርዥን 2.2.0 ነበር። ከእሱ በፊት የነበረው 2.1.0 ነው። መካከለኛው ቁጥር ከ1 ወደ 2 ሲያድግ በሙያው ደንብ የሚሰጠው መልእክት ግልጽ ነው፦ አዲስ ነገር ተጨምሯል፣ ቀድሞ ይሠራ የነበረው ግን እንዳለ ነው፣ ሳትሰጉ ውሰዱት። በየቦታው ያሉ ኮምፒውተሮች ይህን አምነው አዲሱን ወሰዱ። ቁጥሩ የተናገረውና ኮዱ የሠራው ግን አልተገናኙም።

ይህ ቁጥር ከየት ይመጣል? ማን ይወስነዋል? ዛሬ በብዙ የሶፍትዌር ቡድኖች ዘንድ ቁጥሩን ቁጭ ብሎ የሚመርጥ ሰው የለም። ፕሮግራመሩ ለውጡን ሲያስቀምጥ በመልእክቱ መጀመሪያ የሚጽፋት አንዲት አጭር ቃል ቁጥሩንም፣ ለተጠቃሚ የሚደርሰውንም የለውጥ መዝገብ ትወስናለች።

ቁጥሮቹ የሚሰጡት ተስፋ

በነጥብ የተለያዩት ሦስት ቁጥሮች ከጥንትም ነበሩ። ነገር ግን እያንዳንዱ ድርጅት እንደፈለገው ይጠቀምባቸው ነበር። አንዱ ትልቁን ቁጥር ለማስታወቂያ ሲል ከፍ ያደርጋል፤ ሌላው ሁሉን ነገር ለውጦ የመጨረሻዋን ቁጥር ብቻ በአንድ ይጨምራል። የጊትሃብ መሥራቾች ከሆኑት አንዱ የሆነው ቶም ፕሬስተን-ወርነር ይህን መልክ ለማስያዝ ሴማንቲክ ቨርዥኒንግ የተባለ ደንብ ጻፈ። አሁን በሰፊው የሚሠራበት 2.0.0 የተባለው ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ነው። ደንቡ ራሱም በራሱ ሕግ ቁጥር ተሰጥቶታል ማለት ነው።

ሐሳቡ ቀላል ነው። አንድ ቨርዥን 1.4.2 ቢሆን፣ የነበረ ስህተት ብቻ ታርሞ ሲወጣ የመጨረሻው ቁጥር ያድግና 1.4.3 ይሆናል። አዲስ አገልግሎት ተጨምሮ የቀድሞው ሁሉ እንደነበረ ከቀጠለ መካከለኛው አድጎ የመጨረሻው ወደ ዜሮ ይመለሳል፤ 1.5.0። በቀድሞው የሚጠቀሙ ሰዎች ኮዳቸውን ካልቀየሩ በቀር የሚበላሽባቸው ለውጥ ሲመጣ ደግሞ የመጀመሪያው ቁጥር ያድጋል፤ ሌሎቹ ሁለቱ ዜሮ ይሆናሉ፤ 2.0.0።

እዚህ ላይ ጀማሪዎችን የሚያሳስት አንድ ነገር አለ። ነጥቡ የአሥርዮሽ ነጥብ አይደለም። ከ1.9.0 ቀጥሎ የሚመጣው 1.10.0 ነው፤ ከ1.9.0 የሚበልጥ እንጂ ወደ 1.1 የሚመለስ አይደለም። ሦስቱም ራሳቸውን የቻሉ ቁጥሮች ናቸው። በዜሮ የሚጀምር ቨርዥን፣ ለምሳሌ 0.3.1፣ ደግሞ ገና በግንባታ ላይ ያለና ምንም ነገር በማንኛውም ጊዜ ሊለወጥበት የሚችል እንደሆነ ደንቡ ይናገራል።

የዚህ ሁሉ ጥቅም የሚታየው በሌላኛው ወገን፣ ላይብረሪውን በሚወስደው ፕሮግራመር ዘንድ ነው። በጃቫስክሪፕት ዓለም ፕሮግራመሩ የሚያስፈልጉትን ላይብረሪዎች በአንድ ፋይል ይዘረዝራል። እዚያ ላይ `^2.1.0` ብሎ ቢጽፍ ትርጉሙ «2.1.0ን ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን ሁሉ ስጠኝ፣ 3.0.0 ግን እንዳይደርስ» ማለት ነው። ከዚህ በኋላ ሰው አይጠየቅም። ፕሮጀክቱ እንደ አዲስ ሲጫን ኮምፒውተሩ ራሱ ከሚፈቀዱት ውስጥ አዲሱን ይመርጣል። የታረመ ስህተት ማንም ሳይደክም በየቤቱ የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው። ያልታሰበ ብልሽትም የሚደርሰው በዚሁ መንገድ ነው።

`run-async` የጻፈው `^2.1.0` ነበር። 2.2.0 ሲወጣ በሩ ክፍት ነበር። ቀድሞ የተጀመሩ ብዙ ፕሮጀክቶች የተረፉት እያንዳንዱ ላይብረሪ በየትኛው ቁጥር እንደተጫነ የሚመዘግብ `package-lock.json` የተባለ ፋይል ስላላቸው ነው። ያ ፋይል ኮምፒውተሩ አዲሱን እንዳይመርጥ ይይዘዋል። ገና የሚከፈት ፕሮጀክት ግን ይህ መዝገብ የለውም። የመጀመሪያው ጩኸት አዲስ ፕሮጀክት ከሚከፍቱ ሰዎች የመጣው ለዚህ ነው።

ጥፋቱ ምን ነበር?

የ`is-promise` ባለቤት ያሰበው መልካም ነገር ነው። ጃቫስክሪፕት አዲስ የሞጁል አጫጫን ነበረው፤ ላይብረሪዋም ይህን እንድትደግፍ ፈለገ። ለዚህ ሲባል በላይብረሪዋ መግለጫ ፋይል ላይ `exports` የተባለ ክፍል ተጨመረ። ይህ ክፍል ከውጭ የሚመጣ ኮድ የላይብረሪውን የትኞቹን ፋይሎች መንካት እንደሚችል ይናገራል። ሲጻፍ የፋይሎቹ አድራሻ መጀመሪያ ላይ መኖር የነበረበት `./` ቀረ። አዳዲሶቹ የኖድ ቨርዥኖች አድራሻውን ልክ አይደለም ብለው ላይብረሪዋን አንጭንም አሉ።

ምልክቱ ተጨምሮ 2.2.1 ወጣ፤ ጉዳዩ ግን በዚያ አላበቃም። `exports` ሲጻፍ እዚያ ያልተዘረዘረ ፋይል ሁሉ ከውጭ ይዘጋል። ቀድሞ የላይብረሪዋን አንድ ፋይል በስሙ ጠርተው በቀጥታ ይጠቀሙ የነበሩ ሰዎች በራቸው ተዘጋ። ነገሩ የተረጋጋው 2.2.2 ሲወጣ ነው። ሁሉም የሆነው በሰዓታት ውስጥ ነው።

የመጀመሪያው ጥፋት የአጻጻፍ ስህተት ነው፤ የትኛውም ቁጥር አያድንም ነበር፤ ቁጥሩ 3.0.0 ቢሆን ኖሮ ግን `^2.1.0` ያሉት ሁሉ ባልደረሳቸው ነበር። ሁለተኛው ግን የፍርድ ጉዳይ ነው። ባለቤቱ «አዲስ ነገር ጨመርኩ» ብሎ አሰበ። በተጠቃሚው በኩል ሲታይ ደግሞ ክፍት የነበረ በር ተዘግቷል። ይኸው ለውጥ ከአንድ ወገን ሲያዩት ጭማሪ ነው፤ ከሌላው ወገን ሲያዩት ቅነሳ። ቁጥሩ መቆጠር ያለበት ከተጠቃሚው ወገን ነው። ይህን ፍርድ ደግሞ ለውጡን ከሠራው ሰው በቀር ማንም ቀድሞ ሊሰጠው አይችልም።

ኮሚት ላይ የምትጻፈው ቃል

ፕሮግራመሮች ሥራቸውን የሚያስቀምጡት ጊት በተባለ ሥርዓት ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረው ይህ ሥርዓት እያንዳንዱን ለውጥ ከነሰዓቱ፣ ከነሠሪው ስምና ከአጭር መልእክት ጋር ይይዛል። ይህች አንዷ የተመዘገበች ለውጥ ኮሚት ትባላለች። መልእክቱ ላይ ምን መጻፍ እንዳለበት ጊት አይናገርም። ስለዚህ «ማስተካከያ»፣ «እንደገና ማስተካከያ»፣ «አሁን ይሠራል» የሚሉ መልእክቶች የሞሉበት የፕሮጀክት ታሪክ ማየት የተለመደ ነው። ከስድስት ወር በኋላ ይህን የሚያነብ ሰው፣ ጸሐፊው ራሱም ቢሆን፣ የሚያገኘው ነገር የለም።

በጉግል የአንጉላር ቡድን ለራሱ ጥብቅ የሆነ የመልእክት አጻጻፍ አወጣ። ከዚያ በመነሳት ለማንኛውም ፕሮጀክት እንዲሆን የተዘጋጀው ደንብ ኮንቬንሽናል ኮሚትስ ይባላል። የሚጠይቀው ትንሽ ነው። መልእክቱ የለውጡን ዓይነት በሚናገር ቃል ይጀምር፤ ከዚያ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ አጭር መግለጫ። ስህተት ያረመ `fix` ይላል። አዲስ አገልግሎት ያመጣ `feat` ይላል። የአጠቃቀም መመሪያ ብቻ የነካ `docs`፣ የውስጥ ጽዳት የሠራ `refactor`፣ ፈተና የጨመረ `test` እያለ ይቀጥላል። የተጠቃሚውን ኮድ የሚያበላሽ ለውጥ ከሆነ ከቃሉ ኋላ የቃለ አጋኖ ምልክት `!` ይጨመራል፣ ወይም ከመልእክቱ ግርጌ በትልልቅ ፊደል `BREAKING CHANGE:` ተብሎ ምን እንደተበላሸ ይጻፋል።

እነዚህን ቃላት ማሽን ስለሚያነባቸው እንዳሉ መጻፍ አለባቸው። ከሁለት ነጥቡ በኋላ ያለውን መግለጫ የሚያነበው ግን ሰው ነው። ቡድኑ በአማርኛ የሚሠራ ከሆነ በአማርኛ ቢጻፍ ደንቡ አይከለክልም።

አንድ ልቀት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ

ለምሳሌ ያህል የፈረንጁን ቀን ወደ ኢትዮጵያ ቀን የሚለውጥ ላይብረሪ እናስብ። ባንክ ለደረሰኝ፣ ክሊኒክ ለቀጠሮ፣ ትምህርት ቤት ለመመዝገቢያ ይጠቀሙበታል እንበል። ያለበት ቨርዥን 1.4.2 ነው።

አንድ ተጠቃሚ ስህተት አገኘ። የ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን ስድስት ቀን ነበራት፤ ስድስተኛዋ ቀን የዋለችው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ነው። ላይብረሪው ግን ጳጉሜን ሁልጊዜ አምስት ቀን እንደሆነች ቆጥሮ ያችን ዕለት መስከረም 1 ቀን 2016 ይላታል። አዲስ ዓመት በአንድ ቀን ቀደመ ማለት ነው። ይህ ታረመ። በዚያው ሰሞን ሌላ ባልደረባ ዓመቱ በግእዝ ቁጥር እንዲታይ የሚያደርግ አገልግሎት ጨመረ፤ ለ2016 ፳፻፲፮ የሚል። ሦስተኛው መመሪያው ላይ ምሳሌ አከለ። ባዶ ቀን ሲገባ ፕሮግራሙ ቀጥ ይል የነበረውም ተስተካከለ። ታሪኩ እንዲህ ይነበባል፦

```
fix: ጳጉሜን 6 መስከረም 1 ተብላ እንዳትቆጠር ማረም
feat: ዓመትን በግእዝ ቁጥር ማሳየት
docs: የአጠቃቀም ምሳሌ መጨመር
fix: ባዶ ቀን ሲገባ ፕሮግራሙ እንዳይቆም ማድረግ
```

አሁን ልቀቱን የሚያወጣው መሣሪያ ይነሳል። መጀመሪያ የሚፈልገው የቀደመው ልቀት የት ላይ እንደቆመ ነው። እያንዳንዱ ልቀት ሲወጣ በጊት ታሪክ ላይ ታግ የተባለ ምልክት ይደረግለታል። ሁለተኛው ሥራ ከዚያ ምልክት ወዲህ የመጡትን ኮሚቶች መሰብሰብ ነው። በእጅ ለማድረግ የፈለገ ሰው በእነዚህ ሁለት ትእዛዞች ያንኑ ማየት ይችላል፦

```
git describe --tags --abbrev=0
git log v1.4.2..HEAD --oneline
```

ከዚያ የሚቀረው ማወዳደር ነው። መሣሪያው ኮሚቶቹን አይደምርም፤ ከመካከላቸው ትልቁን ብቻ ይወስዳል። ሰባሪ ለውጥ ካለ የመጀመሪያው ቁጥር ያድጋል። እሱ ከሌለና `feat` ካለ መካከለኛው። `fix` ብቻ ከሆነ የመጨረሻው። ሁሉም `docs`ና `test` ዓይነት ከሆኑ አብዛኛውን ጊዜ የሚወጣ ነገር የለም። በእኛ ምሳሌ ሁለት `fix` እና አንድ `feat` አለ፤ ትልቁ `feat` ነው፤ ስለዚህ ቀጣዩ ቨርዥን 1.5.0 ነው። ሁለት ስህተት መታረሙ 1.5.2 አያደርገውም።

በመጨረሻ እነዚያው መልእክቶች በየዓይነታቸው ተመድበው `CHANGELOG.md` በተባለው ፋይል አናት ላይ ይጻፋሉ። የመመሪያው ኮሚት ተጠቃሚውን ስለማይመለከት ይቀራል፦

```
## 1.5.0

### አዲስ
- ዓመትን በግእዝ ቁጥር ማሳየት

### የታረመ
- ጳጉሜን 6 መስከረም 1 ተብላ እንዳትቆጠር ማረም
- ባዶ ቀን ሲገባ ፕሮግራሙ እንዳይቆም ማድረግ
```

ርዕሶቹን መሣሪያዎቹ በነባሪ በእንግሊዝኛ ያወጣሉ፤ በማስተካከያ ፋይል ወደ አማርኛ መለወጥ ይቻላል። ከመሣሪያዎቹ ውስጥ `semantic-release` ሁሉን በራሱ ሠርቶ ያወጣል፤ ሰው አይጠይቅም። የጉግሉ `release-please` ደግሞ ቁጥሩንና መዝገቡን አዘጋጅቶ ሰው አይቶ እንዲያጸድቀው ያቀርባል። `git-cliff` የለውጥ መዝገቡን በማዘጋጀት ላይ ያተኩራል። ፍርዱን በማሽን ብቻ ላለመተው የሚፈልግ ቡድን ሁለተኛውን ዓይነት ቢመርጥ ይሻለዋል፤ ስህተት ያለበት ቁጥር ከመውጣቱ በፊት የሚያየው ዓይን ይኖራልና።

ዝም ብሎ የሚያጠፋ ለውጥ

አሁን ከባዱ ይመጣል። ላይብረሪያችን ወራትን ከዜሮ ይቆጥር ነበር እንበል፤ መስከረም 0፣ ጥቅምት 1፣ ጳጉሜን 12። ጃቫስክሪፕትም ጃንዋሪን በዜሮ ስለሚቆጥር ልማዱ ከዚያ የመጣ ነው። ተጠቃሚዎች ግን ተቸግረዋል። ደረሰኝ ላይ ወሩን ከማተማቸው በፊት ሁሉም አንድ ይደምራሉ። ስለዚህ ከአንድ እንዲጀምር ተወሰነ። ሥራው የሁለት መስመር ነው። ኮሚቱ ምን ይባል?

ብዙ ሰው እጁ የሚሄደው ወደ `fix` ነው፤ የሚያናድድ ነገር ተስተካክሏልና። እንዲህ ከተባለ መሣሪያው 1.5.1 ያወጣል፤ `^1.4.0` ብሎ የጻፈ ሁሉ በሚቀጥለው ጭነት ይደርሰዋል። ባንኩ አሁንም አንድ ይደምራል። መስከረም የነበረው ጥቅምት ሆኖ ይታተማል፤ ጳጉሜን አሥራ አራተኛ ወር ትሆናለች። የስህተት መልእክት አይመጣም፤ ፕሮግራሙም አይቆምም። ደረሰኙ ንጹሕ ነው፤ ቀኑ ብቻ ሐሰት ነው። ከ`is-promise` የባሰው ይህ ነው፤ እዚያ ሁሉም ነገር ወዲያው ቆሞ ጮኸ፤ እዚህ ግን ማንም ሳያውቅ ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ። ትክክለኛው አጻጻፍ ይህ ነው፦

```
feat!: የወር ቁጥር ከ1 እንዲጀምር ማድረግ

BREAKING CHANGE: መስከረም ቀድሞ 0 ነበር፤ አሁን 1 ነው።
ወሩ ላይ 1 ይደምር የነበረ ኮድ መደመሩን ያቁም።
```

መሣሪያው 2.0.0 ያወጣል። `^1.4.0` ያሉት በቀድሞው ይቆያሉ። ወደ አዲሱ መሻገር የፈለገ ሰው የለውጥ መዝገቡን ሲከፍት ምን ማድረግ እንዳለበት በግልጽ ያገኛል። የግርጌው ማብራሪያ «ምን ለወጥን» ብቻ ሳይሆን «እናንተ ምን ታደርጋላችሁ» ማለቱን ልብ ይሏል።

ስህተቱ ሳይታወቅ 1.5.1 ቢወጣስ? የወጣን ቁጥር ሰርዞ በዚያው ቁጥር ሌላ ኮድ ማውጣት ደንቡ ይከለክላል፤ አንድ ጊዜ የወጣ ቨርዥን ይዘቱ አይነካም። ምክንያቱም በአንድ ስም ሁለት የተለያየ ኮድ ካለ ማን የትኛውን እንደወሰደ የሚለይበት መንገድ ይጠፋል። መፍትሔው የቀድሞውን አቆጣጠር የሚመልስ አዲስ ቁጥር ማውጣትና ለውጡን በኋላ 2.0.0 ብሎ በስሙ ማቅረብ ነው። `is-promise`ም ከ2.2.0 ወደ 2.2.2 የሄደችው ወደ ፊት እየቆጠረች እንጂ የወጣውን እየፋቀች አይደለም።

ፍርዱ የማይቀልበት ቦታ

ሰባሪ ለውጥ ሁልጊዜ እንደ ወሩ ቁጥር ግልጽ አይሆንም። ወደ ጳጉሜን ስህተት እንመለስ። ማረሙ `fix` ነው፤ ማንም አይከራከርም። ነገር ግን አንዱ ክሊኒክ ስህተቱን ቀድሞ አውቆ በጳጉሜን ማብቂያ አንድ ቀን የሚቀንስ ኮድ በራሱ በኩል ጽፎ ቢሆንስ? እርማታችን ሲደርሰው የእሱ ቅነሳ ተደርቦ ቀኑን ያዛባል። የሶፍትዌር መሐንዲስ በሆነው በሃይረም ራይት ስም የሚጠራ አንድ አባባል ይህንኑ ይላል፤ ተጠቃሚው ሲበዛ፣ ብንጽፈውም ባንጽፈውም፣ የሥርዓቱ እያንዳንዱ ጠባይ የሚደገፍበት ሰው ያገኛል። በዚህ ሚዛን ከሄድን ሁሉም ለውጥ ሰባሪ ሊሆን ነው፤ ያ ደግሞ ቁጥሩን ባዶ ያደርገዋል።

መውጫው በመመሪያው ላይ የተጻፈውን መለኪያ ማድረግ ነው። ሴማንቲክ ቨርዥኒንግም የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ደንቡን የሚከተል ሶፍትዌር ለተጠቃሚ የሚሰጠውን በይፋ ማሳወቅ አለበት ይላል። ላይብረሪው «ትክክለኛ የኢትዮጵያ ቀን እሰጣለሁ» ብሏል፤ ጳጉሜን 6ን ማረም የገባውን ቃል መጠበቅ ነው። መመሪያው «ወራት ከዜሮ ይቆጠራሉ» ብሎ ነበር፤ ከአንድ ማስጀመር የገባውን ቃል መለወጥ ነው። የመጀመሪያው `fix` ነው፤ ሁለተኛው `!` ያስፈልገዋል።

መሣሪያው ሲሳሳት እንዴት ይታወቃል?

ፍርዱ ትክክል ሆኖ አሠራሩ የሚያሳስትበት ጊዜም አለ። በብዛት የሚያጋጥሙት ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው ታሪኩ ሲቆረጥ ነው። ልቀቱን የሚያወጣው ኮምፒውተር ጊዜ ለመቆጠብ ሲል የፕሮጀክቱን ሙሉ ታሪክ ሳይሆን የመጨረሻዋን ኮሚት ብቻ ይወስዳል፤ የጊትሃብ የተለመደው የማውረጃ ስልት በነባሪ የሚያደርገው ይህንን ነው። መሣሪያው የቀድሞውን ታግ አያገኝም። ምልክቱ አይሳትም፤ 1.5.0 ይጠበቅ የነበረው 1.0.0 ሆኖ ይመጣል፣ ወይም መዝገቡ አንዲት ኮሚት ብቻ ይይዛል። ሙሉ ታሪክ እንዲወርድ `fetch-depth: 0` ብሎ ማዘዝ ይፈታዋል።

ሁለተኛው ኮሚቶች ሲጨፈለቁ ነው። ብዙ ቡድኖች የአንድን ሥራ አሥርና ሃያ ኮሚቶች ወደ ዋናው ታሪክ ሲያስገቡ አንድ ያደርጓቸዋል። ያን ጊዜ የሚተርፈው የአንዷ ርዕስ ነው። ውስጡ `feat!` ኖሮ ርዕሱ `fix` ካለ መሣሪያው የሚያምነው ርዕሱን ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ መመርመር ያለበት እያንዳንዱ ትንሽ ኮሚት ሳይሆን የመጨረሻው ርዕስ ነው። `commitlint` የተባለው ተቆጣጣሪም እዚያ ቢቆም ይበጃል። እሱ ግን አጻጻፉን እንጂ እውነቱን አያይም፤ `fix` ተብሎ በትክክል የተጻፈ ሐሰት ያሳልፋል።

ሦስተኛው የምልክት አለመግባባት ነው። `breaking change` በትንንሽ ፊደል ከተጻፈ በደንቡ መሠረት ምልክት አይደለም፤ ተራ ጽሑፍ ነው። የቃለ አጋኖውንም ምልክት በነባሪ አሠራራቸው የማያውቁ መሣሪያዎች አጋጥመዋል፤ እነሱ ዘንድ `feat!` እንደማይነበብ መልእክት ይዘለላል። ሁለቱንም፣ ምልክቱንም የግርጌ ጽሑፉንም፣ መጻፍ ይህን ይከላከላል። አዲስ መሣሪያ የሚጀምር ሰው ደግሞ ቁጥሩ ምን እንደሚሆን ሳያወጡ በሚያሳየው የሙከራ አሠራር፣ ለምሳሌ በ`semantic-release --dry-run`፣ አስቀድሞ ቢያይ ይጠቅመዋል።

መዝገቡን የሚያነበው ማን ነው?

በራሱ የተዘጋጀን መዝገብ የማይወዱም አሉ። ኪፕ ኤ ቼንጅሎግ የተባለውን መመሪያ የጻፈው ኦሊቪየ ላካን የለውጥ መዝገብ ለሰው እንጂ ለማሽን እንዳልሆነ፣ የጊትን ታሪክ እንዳለ መገልበጥም መዝገብ እንደማይባል ይሞግታል። ነጥቡ እውነት አለው። ኮሚት የሚጻፈው ለባልደረባ ነው፤ መዝገቡን የሚያነበው ግን ኮዱን ከፍቶ የማያውቅ ሰው ነው። «`fix: በቆጣሪው ውስጥ የነበረውን ቅሪት ማስተካከል`» የሚል መስመር ለጻፈው ሰው ግልጽ ነው፤ ለባንኩ ሰው ግን ምንም አይልም። ያንኑ ሥራ «ጳጉሜን 6 መስከረም 1 ተብላ እንዳትቆጠር ማረም» ብሎ መጻፍ ተጨማሪ ድካም የለውም፤ ሁለቱም አንባቢዎች ይገባቸዋል። በተግባር ብዙዎች የሚያደርጉት መሣሪያው ያዘጋጀውን ረቂቅ ከመውጣቱ በፊት በእጅ ማቃናት ነው።

ቃሏን ለመምረጥ ለሚያመነታ ፕሮግራመር አንድ ጥሩ መፈተኛ አለ። ላይብረሪው ከለውጡ በፊት የነበሩት ፈተናዎች ሳይነኩ ካለፉ `fix` ወይም `feat` ሊሆን ይችላል። አንዱን ነባር ፈተና እንዲያልፍ ሲል መቀየር ግድ ከሆነበት፣ የቀየረው ያ ፈተና የአንድ ተጠቃሚ ኮድ እንደሆነ ይቁጠረው፤ `!` ሳያስፈልግ አይቀርም። ፈተናው ራሱ ስህተቱን ትክክል ብሎ ይዞ ከነበረ ብቻ ይለያል። ይህም ቢሆን `is-promise`ን ላያድናት ይችል ነበር፤ በፕሮጀክቱ ውስጥ የሚሮጥ ፈተና ፋይሉን በቀጥታ ስለሚጠራ `exports` ላይ የተጻፈውን አያልፍበትም። እንዲህ ያለው የሚታየው ላይብረሪው ልክ ለተጠቃሚ እንደሚደርስ ሆኖ ታሽጎ፣ `npm pack` በሚለው ትእዛዝ፣ በሌላ ባዶ ፕሮጀክት ውስጥ ሲጫን ነው። መጀመሪያ በተጠቃሚው ቦታ ሆኖ መጫን፣ ቀጥሎ ቃሏን መምረጥ፤ ቁጥሩን ማሽኑ ከዚያ በኋላ ቢያወጣ አያሳስትም።